«አውቶ ላይ ተወው» የምትሉ ሰዎች፣ እባካችሁ ተውን

ደካማ የሞባይል ዳታ ይዞ ጌም በስትሪም፣ ማለትም ሌላ ቦታ ባለ ኮምፒውተር ላይ የሚሄደውን ጌም ምስሉ በኢንተርኔት እየመጣለት፣ መጫወት የሚፈልግ ሰው ምክር በጠየቀ ቁጥር የሚያገኘው መልስ ሁለት ብቻ ነው። ወይ «አውቶ ላይ ተወው»፣ ማለትም ጥራቱን አፑ ራሱ ይምረጥ፣ ወይ «ኔትወርክ ቀይር»። ኧረ በፈጠራችሁ! መቀየር ቢችል መች ይጠይቅ ነበር? አውቶውማ ነው ያስቸገረው። የሚያንገበግበው ደግሞ በሰከንድ 5 ወይም 6 ሜጋቢት ብቻ በሚያሳልፍ መስመር ላይ እንኳ በደንብ የሚጫወቱበት መንገድ መኖሩ ነው። ቢትሬት ማለትም በሰከንድ የሚላከው ዳታ፣ ሬዞሉሽን ማለትም የምስሉ የነጥብ ብዛት፣ የፍሬም ብዛት ማለትም በሰከንድ የሚመጡት ምስሎች፣ እነዚህን ሦስቱን በትክክል ማስማማት ነው። ግን ሁሉም ሰው ከሬዞሉሽን ይጀምራል፤ ነገሩ የሚበላሸውም እዚያው ላይ ነው።

መጀመሪያ ይሄን የስፒድ ቴስት ነገር እንጨርሰው። ስፒድ ቴስቱ 12 ሜጋቢት አሳየ ማለት መስመሩ የ12 ሜጋቢት ስትሪም ይችላል ማለት አይደለም! ስፒድ ቴስት መስመሩን ለጥቂት ሰከንድ እስከ ጥግ ሞልቶ ስንት እንዳለፈ ነው የሚነግራችሁ። በ60 ፍሬም ስትጫወቱ ግን በየ16.7 ሚሊሰከንዱ አንድ ምስል መድረስ አለበት፤ ዘግይቶ የመጣ ምስል ከቀረ አይሻልም። ቪዲዮ ስታዩ አፑ ብዙ ሰከንድ ቀድሞ ስለሚያከማች መስመሩ ለ2 ሰከንድ ቢደክም አይታወቃችሁም። ጌም ግን ገና ያልተጫናችሁትን ቁልፍ ውጤት ቀድሞ ሊያከማች አይችልም። ስለዚህ ማወቅ ያለባችሁ መስመሩ ሲበረታ ስንት እንደሚያሳልፍ ሳይሆን ሲደክም ስንት እንደሚያሳልፍ ነው።

ቢትሬቱ ከመስመሩ አቅም ሲያልፍ ምን እንደሚፈጠር አስሉት። መስመሩ በሰከንድ 6 ሜጋቢት እያሳለፈ ስትሪሙ 8 ቢልክ በየሰከንዱ 2 ሜጋቢት ይተርፋል። ትርፉ ወዲያው አይጣልም፤ መንገድ ላይ ወረፋ ይይዛል። ያ 2 ሜጋቢት በ6 ሜጋቢት መስመር ለማለፍ 333 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ማለትም ትርፉ መከማቸት ከጀመረ ከአንድ ሰከንድ በኋላ ዝለል ብላችሁ የተጫናችሁት ቁልፍ ውጤቱ የሚታየው ከወትሮው ሲሶ ሰከንድ ዘግይቶ ነው። ሰው ይሄን ሲያይ «ሰርቨሩ ሩቅ ነው» ይላል። ሰርቨሩ ያው የነበረበት ነው፤ የዘገየው ወረፋው ነው።

አውቶ የሚባለው ነገር ደግሞ ወረፋው ከተፈጠረ በኋላ ነው የሚነቃው። መዘግየቱን ወይም የጠፉ ፓኬቶችን አይቶ ቢትሬቱን ይቀንሳል፣ ምስሉ ይፈዛል፣ መስመሩ ይተነፍሳል፤ ከዚያ «ተስተካከለ» ብሎ መልሶ ከፍ ማድረግ ይጀምራል፣ ወረፋውም ይመለሳል። በተረጋጋ ኔትወርክ ላይ ይሄ ችግር የለውም። አቅሙ በየሰከንዱ በሚዋዥቅ የሞባይል መስመር ላይ ግን ጥርት፣ ፍዝዝ፣ ቅርቅር እያለ ያለማቋረጥ ይደጋገማል። እጃችሁ ለመዘግየት ሊለማመድ የሚችለው መዘግየቱ አንድ ዓይነት ሲሆን ብቻ ነው። ቋሚ 90 ሚሊሰከንድ ከ60 እስከ 250 ከሚዋልል እጅግ ይሻላል።

እሺ፣ እንዴት ይለካ? ቢትሬቱን በእጅ ማስተካከል በሚያስችል አፕ ነው የማሳያችሁ፤ የራሳችሁን ኮምፒውተር ጌም ወደ ስልክ የሚያመጣውን ሙንላይትን እንውሰድ። ሴቲንጉ ውስጥ `Show performance stats while streaming` የሚለውን አብሩት። ከዚያ 480ፒ፣ 30 ፍሬም፣ 1 ሜጋቢት አድርጋችሁ ጌሙን ክፈቱና `Average network latency` የሚለውን ቁጥር ጻፉት። ይሄ መስመራችሁ ምንም ሳይጨናነቅ ያለው መዘግየት ነው። አሁን ሬዞሉሽኑን 720ፒ አድርጉና ቢትሬቱን በ1 ሜጋቢት እየጨመራችሁ በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ ተጫወቱ። ተጫወቱ ነው ያልኩት፤ ሜኑ ላይ ቆማችሁ አትለኩ! የቆመ ምስል የሰጣችሁትን ቢትሬት በሙሉ አይጠቀምም። ካሜራውን እያዞራችሁ ሩጡ።

እንበል መነሻው 65 ሚሊሰከንድ ነበር። በ3 ሜጋቢት 67፣ በ4 72፣ በ5 90፣ በ6 ደግሞ 180 ሆነ። ወረፋው የጀመረው 5 እና 6 መካከል ነው። አቅሙ 5 ነው ብላችሁ 5 ላይ አታስቀምጡት፤ ለሚዋዥቀው ነገር አንድ አምስተኛውን ትታችሁ 4 ላይ ቁረጡት። በ4 ሜጋቢት በሰዓት 1.8 ጊጋባይት ገደማ ይሄዳል፤ በ10 ቢሆን 4.5 ነበር። ጥቅል እየቆጠረ ለሚጫወት ሰው ይሄ ራሱ ትልቅ ልዩነት ነው። ልኬቱን ደግሞ በምትጫወቱበት ሰዓት አድርጉት። ጠዋት የለካችሁት መስመር ማታ ሰፈሩ ሁሉ ዳታ ሲከፍት ሌላ መስመር ነው።

ሬዞሉሽን የሚመጣው አሁን ነው። 4 ሜጋቢት በእጃችሁ አለ፤ በስንት ነጥብ ላይ ታካፍሉታላችሁ? 1080ፒ በ60 ፍሬም በሰከንድ ወደ 124 ሚሊዮን ነጥብ ነው፣ 720ፒ በ60 ደግሞ 55 ሚሊዮን። ሁለቱም ለ4 ሜጋቢት ይከብዳሉ፤ ካሜራው በዞረ ቁጥር ስክሪኑ በካሬ ካሬ ይሞላል። «ሬዞሉሽን ከፍ ባለ ቁጥር ጥራት ይጨምራል» የሚለው እምነት በዚህ ቢትሬት ላይ ተገልብጦ ነው የሚሠራው፤ የተሰባበረ 1080ፒ ከንጹህ 720ፒ ያነሰ ነው የሚያሳየው። አሁን ሌሎቹን ሁለቱን ተመልከቱ። 720ፒ በ30 ፍሬም 27.6 ሚሊዮን ነጥብ፣ 480ፒ በ60 ፍሬም 24.6 ሚሊዮን። ተቀራራቢ ናቸው! ስለዚህ በአንድ ዓይነት ቢትሬት ላይ ምርጫው የናንተ ነው። ጽሑፍ የሚነበብበት፣ ካርታ የሚታይበት፣ ቀስ ያለ ጨዋታ ከሆነ 720ፒ በ30። ውድድር፣ ድብድብ ወይም ኳስ ከሆነ 480ፒ በ60። በስልክ ስክሪን ላይ 480ፒ ሰዎች እንደሚፈሩት አስቀያሚ አይደለም፤ እጃችሁና ምስሉ አብረው ሲሄዱ ዓይን ብዙ ይቅር ይላል። 30 ፍሬም ከመረጣችሁ ግን ጌሙን ራሱን 30 ላይ አትቆልፉት። ኮምፒውተሩ ላይ በ60 ይሂድና ስትሪሙ ብቻ 30 ይሁን፤ እንዲያ ሲሆን ቁልፋችሁ ቶሎ ይታያል።

አንድ ሰው የሚያሳብድ ወጥመድ አለ። ሙንላይት ላይ ሬዞሉሽን ወይም ፍሬም ስትቀይሩ ቢትሬቱ ወደ ራሱ መነሻ ሊመለስ ይችላል፤ ለ720ፒ በ60 መነሻው 10 ሜጋቢት ነው። 4 ላይ አስተካክሎ፣ ከዚያ ፍሬሙን ነክቶ፣ «ያልከኝን አድርጌ አልሠራም» የሚል ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ በሐሳብ ቢትሬት ይቀድማል፤ ሜኑ ውስጥ ግን ሬዞሉሽኑንና ፍሬሙን ጨርሳችሁ ቢትሬቱን በመጨረሻ ነው የምታስገቡት፤ ከመውጣታችሁ በፊትም አንዴ እዩት።

ማንም የማይነግራችሁ ደግሞ ጌሙ ውስጥ ያለው የግራፊክስ ሜኑ ነው። `Film Grain` የሚለውን አጥፉት። ያ ሆን ተብሎ ምስሉ ላይ የሚበተን እህል እህል የመሰለ ነገር በየፍሬሙ ይቀያየራል። ቪዲዮ የሚጨመቀው ደግሞ ካለፈው ፍሬም ያልተቀየረውን እየዘለለ ስለሆነ ያ ብትንትን ቢትሬቱን በከንቱ ይበላል። ዝናብና የሚወዛወዝ ሣር መቀነስ ከተቻለ ቀንሱ። ስልካችሁ ኤችኢቪሲ የተባለውን የቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴ በሃርድዌር የሚፈታ ከሆነ እሱን ምረጡ፤ በዚያው 4 ሜጋቢት ምስሉ በግልጽ ይሻላል።

ወደ ኮንትሮለሩ። ብሉቱዝ የሚሠራው በ2.4 ጊጋኸርዝ ነው። ላፕቶፕ ወይም ታብሌት ላይ እየተጫወታችሁ ኢንተርኔቱን ከስልክ ሆትስፖት የምትወስዱ ከሆነና ሆትስፖቱም 2.4 ላይ ከሆነ ሁለቱ አንድ አየር ላይ ይጋፋሉ። ምልክቱ ቁልፍ መዋጥ ወይም ተጭናችሁ የለቀቃችሁት ቁልፍ እንደተጫነ መቅረት ነው። ሆትስፖቱን 5 ጊጋኸርዝ አድርጉት፤ ካልሆነ ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ አገናኙት፤ ወይም ኮንትሮለሩን በገመድ ሰኩት። ስልኩ ላይ በራሱ ዳታ የሚጫወት ሰው ይሄ ግጭት የለበትም፣ ገመዱ ግን ለሱም ጥቂት ሚሊሰከንድ ይቆጥባል።

ከዚያ ዴድዞን፣ ማለትም ስቲኩ ቢነካም ምንም የማይቆጠርበት የመሃል ክልል። አፑም ጌሙም የየራሳቸው ዴድዞን አላቸው፤ ሁለቱም ሲሠሩ ይደራረባሉ። ስቲኩን ትንሽ ስትገፉ ምንም አይሆንም፣ ሲበዛ ድንገት ይፈተለካል፤ ሰው ይሄንንም ኔትወርክ ነው ብሎ ይራገማል። የአፑን `Adjust analog stick deadzone` ወደ ዜሮ አውርዱና የጌሙን ብቻ ስቲኩ ብቻውን መንሸራተት እስኪያቆም ድረስ ከፍ አድርጉ። የካሜራውን ፍጥነት ደግሞ ከለመዳችሁት ቀንሱት። ውጤቱ ዘግይቶ ስለሚታይ እጃችሁ ሁልጊዜ ዒላማውን አልፎ ይሄዳል፤ ቀርፋፋ ካሜራ ያንን ያካክሳል። እና እባካችሁ፣ ስትጫወቱ የፎቶ ባክአፑን አጥፉ! የቁልፎቻችሁ ትእዛዝ የሚወጣው በአፕሎዱ፣ ከስልኩ ወደ ኢንተርኔት በሚላክበት መስመር ነው፤ ፎቶ አፕሎድ እየሆነ ከሆነ እያንዳንዱ ቁልፍ ከፎቶው ኋላ ይሰለፋል።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ ካልሠራ ስታቱ ምክንያቱን ይነግራችኋል፤ አንብቡት እንጂ አትገምቱ። `Average decoding time` በ60 ፍሬም ከ16 ሚሊሰከንድ ካለፈ ችግሩ ኔትወርክ አይደለም፤ ስልኩ ምስሉን መፍታት አቅቶታል። ሬዞሉሽን ቀንሱ ወይም ኤች264 የሚባለው የቆየው መጭመቂያ ላይ ሞክሩ። `Frames dropped by your network connection` ከፍ ብሎ ቢትሬቱን ስትቀንሱ ከወረደ፣ ቢትሬቱ ነበር። 1 ሜጋቢት ላይ አውርዳችሁትም ካልወረደ ግን የሬዲዮ ሲግናሉ ራሱ ነው፤ ያኔ የትኛውም ሴቲንግ አያድንም። ወደ መስኮት ተጠጉ፤ ስልኩ በ4ጂና በ5ጂ መካከል የሚዋልል ከሆነም ከኔትወርክ ሴቲንጉ 4ጂ ላይ ብቻ ቆልፋችሁ ደግማችሁ ለኩ።

ለአፕ ሠሪዎቹም አንድ ነገር። ቢትሬትን በእጅ ማስገቢያ ጭራሽ የሌላቸው አፖች አሉ፤ «ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ» ብለው ስንት እንደሆነ እንኳ አይጽፉም። መካከለኛው ስንት ሜጋቢት ነው? ቁጥሩን ጻፉልን። 480ፒ በ60 ፍሬምንም ከዝርዝሩ አታውጡት፤ ደካማ መስመር ላይ ውድድር የሚጫወት ሰው ያለችው እሷ ናት።