የአዋቂነት ዋዜማ፦ የዕድሜ እርከን ነው ወይስ የኪስ ጉዳይ?

የክርክሩ ጥያቄ፦ «ከ18 ዓመት እስከ ሃያዎቹ ማብቂያ ያለው ጊዜ ከጉርምስናም ከአዋቂነትም የተለየ የራሱ እርከን ነው? ወይስ ሥራና ቤት ስለጠፋ የዘገየ አዋቂነት ነው?»

«እርከን ነው» የሚሉት የዕድገት ሥነ ልቦና መምህር ናቸው። «አይደለም» የሚሉት የሥራ ገበያና የማኅበራዊ ፖሊሲ አጥኚ ናቸው።

መምህሩ

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄፍሪ አርኔት ይህ ጊዜ የራሱ እርከን፣ የአዋቂነት ዋዜማ ነው የሚለውን ሐሳቡን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 በጽሑፍ ሲያቀርብ ከያዛቸው ማስረጃዎች አንዱ ቀላል ጥያቄ ነበር። ወጣት አሜሪካውያን «አዋቂ ሆኛለሁ ብለህ ታስባለህ?» ተብለው ተጠየቁ። መልሱ «አዎ»፣ «አይደለም» ወይም «በአንዳንድ ነገር አዎ፣ በሌላው አይደለም» ነው። ከ18 እስከ 25 ዓመት ካሉት አብዛኞቹ ሦስተኛውን መረጡ። ሠላሳዎቹን አጋምሰው ያለፉት ግን በብዛት «አዎ» አሉ።

ይበልጥ የሚያስገርመው ሰዎች አዋቂነትን የሚለኩበት ሚዛን ነው። ትምህርት መጨረስ፣ ማግባትና ልጅ መውለድ ከዝርዝሩ ታች ወደቁ። ከላይ የወጡት ለራስ ድርጊት ኃላፊነት መውሰድ፣ በራስ መወሰንና በገንዘብ ራስን መቻል ናቸው። ሠርግ ቀን አለው፤ ትናንት ያላገባ ዛሬ ያገባል። ራስን መቻል ግን ቀን የለውም፤ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየተጨመረ የሚመጣ ነገር ነው። ስለዚህ «ግማሽ አዎ» የሚለው መልስ መወላወል ሳይሆን የሁኔታው ትክክለኛ መግለጫ ነው።

በአሜሪካ በ1960 ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያገቡበት መካከለኛ ዕድሜ 20 ገደማ፣ የወንዶቹ 23 ገደማ ነበር። በ2000 ወደ 25 እና 27 ደረሰ። ፋብሪካ በቀለም ትምህርትና በዕውቀት ሥራ ሲተካ ትምህርቱ ረዘመ፣ ጎጆ መውጣትም ወደኋላ ሄደ። በመካከል በተከፈተው ሰፊ ጊዜ ሰው ሥራ ይሞክራል፣ ፍቅር ይሞክራል፣ የሚኖርበትን ይለዋውጣል። በ15 ዓመት ይህን የሚያደርግ የለም፤ በ40ም ጥቂት ነው። ታዲያ ለዚህ ስም ብንሰጠው ምን ይጎዳል?

አጥኚዋ

ጉዳቱ ኋላ ላይ ይመጣል። መጀመሪያ ጥያቄው ራሱ ምን እንደሚለካ እንይ።

ሁለት የ22 ዓመት ሰዎችን እናስብ። የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ እየተማረ ዘርፍ ቀይሯል፤ ከዓመት በኋላ ሌላ ከተማ ሊሠራ ያስባል፤ ወላጆቹ ኪራዩን ይከፍላሉ። ሁለተኛዋ በ18 ዓመቷ ሥራ ጀምራለች። በሦስት ወር ኮንትራት እየተቀጠረች አምስት ቀጣሪ ቀይራለች፤ ኪራይ ሲጨምርባት ወደ እናቷ ቤት ተመልሳለች፤ ከደመወዟ ለቤቱ አስቤዛ ታዋጣለች። ሁለቱንም «አዋቂ ነህ ወይ? አዋቂ ነሽ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሁለቱም «በአንዳንድ ነገር አዎ» ይላሉ። መልሱ አንድ ነው፣ ኑሮው ግን አንድ አይደለም። እሱ ስላልወሰነ በመሐል ቆሟል። እሷ ከወሰነች ቆይታለች፤ ውሳኔዋን የሚያጸናላት ደመወዝ ነው ያጣችው።

ልዩነቱን ለማወቅ ሦስት ነገር ማከል ይበቃል። የመጨረሻውን ሥራ ማን አቋረጠው፣ ሠራተኛው ወይስ ቀጣሪው? ነገሩ ቢበላሽ ወጪውን የሚሸከመው ማን ነው? ዛሬ ቋሚ ቅጥር ቢገኝ ይቀበላል? ሥራውን ራሱ የተወ፣ ኪሳራውን ሌላ የሚሸከምለት፣ ቋሚ ቅጥር ቢሰጠው የሚያመነታ ሰው በእርግጥ እየሞከረ ነው። የተባረረች፣ ኪሳራዋን ራሷ የተሸከመች፣ ቋሚ ቅጥር ብታገኝ ዛሬውኑ የምትፈርም ሴት ግን የምትሞክረው ነገር የለም። እየጠበቀች ነው። ተመራማሪው ጆን ባይነር በ2005 ከብሪታንያ መረጃ ተነሥቶ ያነሣው ተቃውሞም ከዚህ አይርቅም፦ እንደ መደብና እንደ ትምህርት የወጣቶች መንገድ ይለያያል፤ የአንዱን መንገድ የሁሉ ዕድሜ አድርጎ ማቅረብ ስህተት ነው።

መምህሩ

ጥያቄው ሻካራ መሆኑን አልክድም። ለዚህም ነው ኋላ በ2007 ዝርዝር መጠይቅ የተዘጋጀው፤ መሞከርን ለብቻ፣ አለመረጋጋትን ለብቻ፣ በመሐል የመሆን ስሜትንም ለብቻ ይለካል። እርስዎ ያነሷቸው ሁለት ወጣቶች በዚያ መጠይቅ ሊለያዩ ይችላሉ።

ግን ነገሩ ሁሉ የኪስ ጉዳይ ከሆነ ኪስ የሞላበት አገር ዋዜማው መጥፋት ነበረበት። አልጠፋም። በ2022 የአውሮፓ ኅብረት አኃዝ መሠረት በፊንላንድ፣ በስዊድንና በዴንማርክ ወጣቶች ከወላጅ ቤት የሚወጡት በአማካይ በ21 እና 22 ዓመት መካከል ነው። በክሮኤሺያ 33ን ያልፋል። በእርስዎ አካሄድ የሰሜኖቹ ልጆች በ22 ዓመታቸው ሙሉ አዋቂ ሆነው መገኘት ነበረባቸው። እነሱ ግን የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚወልዱት ሠላሳን ሲቃረቡ ነው። ቤት አላቸው፣ ገቢ አላቸው፣ እንዲያም ሆኖ ስምንት ዓመት ያህል በመሐል ይቆያሉ። ይህን የሥራ እጥረት አያብራራውም።

አጥኚዋ

ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ግን ለእኔ የሚመሰክር ይመስለኛል። ዴንማርክ ለተማሪዎች በየወሩ የማይመለስ ድጎማ ትከፍላለች። ከቤት ወጥቶ ለሚኖር የ20 ዓመት ተማሪ ክፍያው በወላጅ ገቢ አይወሰንም። የአገሪቱ ግምጃ ቤት የከፈለበት የሙከራ ጊዜ ነው ማለት ነው። ከፋይ ባለበት መሞከር አለ፤ ከፋይ በሌለበት መጠበቅ አለ። ሲከፈልለት የሚመጣና ሳይከፈልለት የሚቀር ነገር የዕድሜ እርከን ነው ለማለት ይከብደኛል። ጉርምስና ከፋይ አይጠይቅም።

አዲስ ነው የሚባለውም አያስማማኝም። የሥነ ሕዝብ አጥኚው ጆን ሃይናል በ1965 እንዳሳየው ከሩሲያዋ ሴንት ፒተርስበርግ እስከ ጣሊያኗ ትሪየስቴ በሚሰመር መስመር በስተ ምዕራብ ሴቶች የሚያገቡት በሃያዎቹ አጋማሽ ነበር፤ ያውም ፋብሪካ ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት። ከልጅነት እስከ ጋብቻ ያለውን ጊዜ ብዙዎቹ በሰው ቤትና እርሻ በአገልጋይነት ያሳልፉት ነበር። በእንግሊዝ ገጠር ቅጥሩ የዓመት ስለነበር ጌታ መለዋወጥ የተለመደ ነው። ከረጅሙ ታሪክ ሲታይ እንግዳ የሚሆነው በ20 ዓመት ማግባት የተለመደበት የ1950ዎቹ ዘመን ነው። መምህር ግን ንጽጽርዎን የጀመሩት ከ1960 ነው፤ ከዚያ ከተነሡ ሁሉም ነገር አዲስ ይመስላል።

መምህሩ

መነሻ ዓመቱን በተመለከተ ነጥቡ ይያዝልዎት። አገልጋይነቱ ግን ሌላ ነው። ያ ወጣት የሚያድረው በጌታው ጣሪያ ሥር፣ በጌታው ሥልጣን ነበር። ማን ልሁን ብሎ የሚጠይቅበት ሰፊ ምርጫ አልነበረውም። ጊዜው ረጅም ስለሆነ ብቻ ይዘቱም አንድ ነው አይባልም።

አጥኚዋ

እስማማለሁ። መለዋወጥ ያለ ምርጫ ማለት ያ ነው። ባለ ሦስት ወር ኮንትራቷ ወጣትስ?

ከአንባቢ የደረሰ ጥያቄ

«ሁለታችሁንም አነበብኩ። በአጭሩ ልጆች 18 ሲሞላቸው ከቤት ይውጡ ነው ወይስ ይቀመጡ? የእኔ 26 ደፍኗል፤ ሥራም አለው።»

መምህሩ

አንዳችንም ስለ መውጣትና መቀመጥ አልፈረድንም። በወላጅ ቤት መኖሩ ብቻውን ምንም አይነግረንም። በገንዘቡ ማን ይወስናል፣ ስህተቱን ማን ያርማል የሚለው የበለጠ ይናገራል።

አጥኚዋ

ኪራዩ ከደመወዙ ስንት እጅ እንደሚወስድበትም ይጠየቅ። ግማሹን የሚወስድበት ከሆነ መቀመጡ ስሌት ነው፣ ስንፍና አይደለም።

አሁን ወደ ጉዳቱ ልግባ። ብሪታንያን እንውሰድ። በ2016 ከፍተኛው ሕጋዊ የደመወዝ ወለል ሲወጣ 25 ዓመት ለሞላቸው ብቻ ነበር። በ2021 ወደ 23፣ በ2024 ወደ 21 ወረደ። እስከዚያ የ22 ዓመቱ ሠራተኛ አጠገቡ ከቆመው የ30 ዓመት ሰው ጋር ያንኑ ሣጥን እያነሣ በሕግ ያነሰ ሊከፈለው ይችል ነበር። ኪራይ ግን የዕድሜ ቅናሽ የለውም። የቤት ድጎማው ደግሞ በተቃራኒው ሄደ። ብቻውን የሚከራይ ወጣት የሚሰላለት በጋራ ቤት ውስጥ ባለ አንድ ክፍል ዋጋ ነው፤ ይህ ደንብ ከ25 ዓመት በታች ላሉት ነበር፣ በ2012 እስከ 35 ተዘረጋ። ስለዚህ ዛሬ በአንድ አገር አንድ ሰው ለደመወዝ በ21 ዓመቱ አዋቂ ነው፣ ለቤት ድጎማ በ34 ዓመቱም ገና ነው። ድንበሩን ያሰመረው የሰው ዕድገት ቢሆን ኖሮ ሁለቱ መስመሮች እንዲህ አይራራቁም ነበር። በጀት ነው ያሰመረው። «ገና በመሐል ናቸው» የሚል ንድፈ ሐሳብ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ቁጠባ ጥሩ ሽፋን ይሆናል።

መምህሩ

አርኔት ደመወዝ ቀንሱ አላለም። ዕውቅናው በተቃራኒውም ይሠራል። የጀርመን የወጣት ጥፋተኞች ሕግ ከ1953 ጀምሮ 18 ሞልቶት 21 ያልደፈነን ጥፋተኛ ለብቻው ያየዋል። ዳኛው ወጣቱ ድርጊቱን ሲፈጽም በሥነ ምግባርና በአእምሮ ብስለቱ ገና እንደ ታዳጊ ነበር ብሎ ካመነ በታዳጊ ሕግ ይቀጣዋል። ዋዜማው ባይታወቅ ልጁ በ18 ዓመት ከአንድ ቀኑ ሙሉውን የአዋቂ ቅጣት ይቀበል ነበር። አሜሪካም በ2010 ሕጓ ወጣቶች እስከ 26 ዓመት በወላጅ የጤና መድን እንዲቆዩ ፈቅዳለች።

አጥኚዋ

የጀርመኑን እወደዋለሁ። የምወደው ግን ዳኛው አንዱን ሰው ስለሚመዝን ነው፤ ሁሉንም በአንድ እርከን አይጠቀልልም። የአሜሪካው ግን ክፍተት አለው። በወላጅ መድን መቆየት የሚችለው ወላጁ ቤተሰብ የሚሸፍን መድን ያለው ልጅ ነው። ወላጁ መድን የሌለው፣ ወይም ወላጅ የሌለው በዚህ አንቀጽ ምንም አያገኝም። ዋዜማው ለሁሉም ዕድሜ ሆኖ ተጻፈ፣ የሚደርሰው ግን ደጋፊ ላለው ነው።

መምህሩ

ዳኛ አንድ ሰው ፊቱ አቁሞ ይመዝናል። የመድን ቢሮ የሚሊዮኖችን ብስለት መመዘን አይችልም፤ የዕድሜ መስመር የግድ ነው። ስለዚህ መስመሩ የት ይሁን የሚለው ይቀራል፤ ለእሱም ስለዚያ ዕድሜ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

አጥኚዋ

መስመር ይኑር፤ ግን መብቱ ከወላጅ ጋር አይታሰር። እርከን መሆኑን ለመፈተን ደግሞ መንገድ አለ። በአንድ ዓይነት አጭር ኮንትራት የሚሠሩ የ22 እና የ38 ዓመት ሰዎችን ወስደን ያንኑ መጠይቅ እንስጣቸው። አለመረጋጋቱና በመሐል የመሆን ስሜቱ እኩል ከሆነ ዕድሜው ሳይሆን ኮንትራቱ ነው የሚናገረው።

መምህሩ

በፈተናው እስማማለሁ፤ አለመረጋጋቱ እኩል ቢወጣም አይገርመኝም። ግን መጠይቁ ስለ ወደፊቱም ይጠይቃል። የ22 ዓመቱ «ብዙ በር ክፍት ነው» የሚለውን ይመርጣል፣ የ38 ዓመቱ አይመርጥም ብዬ እገምታለሁ።

አጥኚዋ

ሊሆን ይችላል። የ22 ዓመቱ ቀጣሪዎች ገና ስላልዘጉበት ይሆናል፤ ወይም ተዘግቶበት ገና ስላላወቀ። መጠይቁ ሁለቱን አይለይም።