ቤት ሲሰበር የሚጻፍ ደብዳቤ

«ጋሼ፣ ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስንመለስ ቤታችን ተሰብሮ አገኘነው። ኢንሹራንሱ የጠፋውን ዕቃ ከነዋጋው ጽፋችሁ ላኩ አለን። እናቴ የሰጠችኝ ወርቅ ደረሰኝ የለውም። ምን ብዬ ልጻፈው?»

እህቴ፣ እሱ ይተካልሽ። እኛም እዚህ ሜሪላንድ ደርሶብን ስለነበር ያየሁትን ልንገርሽ።

ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ የጎረቤታችን ቤት ተሰብሮ ነበር። ሳይመሽ ሰፈሩ ሁሉ ግቢዋ ውስጥ ነበር። ቡና ተፈላ። «ያ ቴፕ የለም፣ ያ ቀይ ብርድ ልብስም የለም» እያሉ የቆጠሩት ጎረቤቶቿ ነበሩ። ቤቷን ያውቁታላ። እዚህ ግን ስለ ዕቃሽ የሚወስነው አጀስተር፣ ማለትም የኢንሹራንሱ ጉዳት ገማች፣ አንድ ቀን ሳሎንሽ ተቀምጦ አያውቅም። ጎረቤት ያውቀው የነበረውን ሁሉ ደብዳቤሽ ሊነግረው ይገባል።

መጀመሪያ የፖሊሲ ቁጥርሽንና የፖሊስ ሪፖርቱን ቁጥር ጻፊ። የፖሊስ ሪፖርት ከሌለ ክሌሙ፣ ማለትም የካሳ ጥያቄሽ፣ ብዙም አይራመድም። ከዚያ የሆነውን በአጭሩ ተናገሪ። እኛ የጻፍነው እንዲህ የሚል ነበር፦ «ማክሰኞ ጠዋት 8 ሰዓት ከቤት ወጣን። ከሰዓት በኋላ 4 ተኩል ስንመለስ የጓሮው በር መስታወት ተሰብሯል። ወዲያው ፖሊስ ጠራን።» ሰዓቱን በነሱ አቆጣጠር አድርጊው። መስታወቱን ከመጥረግሽ በፊት ፎቶ አንሺ፤ በሩን ያሠራሽበትንም ደረሰኝ አስቀምጪ።

አሁን ወደ ዝርዝሩ። «ላፕቶፕ፣ 1» ብለሽ አትለፊው። ስሙን፣ ሞዴሉን፣ መቼና የት እንደተገዛ፣ ያኔ ስንት እንደወጣበት፣ ዛሬ አቻው በስንት እንደሚሸጥ ጻፊ። ደረሰኝ ከጠፋ ኢሜይልሽን ፈትሺ፣ የባንክ ወረቀትሽንም አገላብጪ። የዕቃው መለያ ቁጥር ብዙ ጊዜ ካርቶኑ ላይ ይገኛል።

ወርቁ ላይ ነው የሀበሻ ቤት የሚቸገረው። ባለቤቴም ደረሰኝ አልነበራትም። የአንገት ሐብሏና አምባሯ ከእናቷ የተሰጧት ናቸው። ማታ አልበም አውጥታ የመልሳችንን ፎቶዎች አንድ በአንድ አየች። አንዱ ላይ ጠላ ስትቀዳ እጇ ወደ ፊት ተዘርግቷል። የአምባሩ ቅርጽ ሳይቀር ይታያል። እሱን ፎቶ አስፋፍተን ላክን። አንድ ወርቅ ቤትም ፎቶውን አይቶ፣ እሷ የምታውቀውን ግራምና ካራት ይዞ፣ የዛሬውን ግምት ጻፈልን። አንቺም «የእናቴ ስጦታ» ብለሽ እውነቱን ጻፊ። ያልከፈልሽውን ዋጋ ፈጥረሽ እንዳታስገቢ። ዝርዝሩን በመሐላ ትፈርሚበታለሽ፤ አንድ ውሸት ከተገኘ እውነተኛውም ሁሉ አብሮ ሊወድቅ ይችላል።

ቀድሞ የነገረን ሰው ቢኖር ብዬ የምቆጨው ስለ ጣሪያው ነው። በተለመደው የቤት ፖሊሲ ለተሰረቀ ጌጣጌጥ የሚከፈለው ብዙ ጊዜ በጠቅላላው እስከ 1,500 ዶላር ብቻ ነው። ለጥሬ ገንዘብ ደግሞ 200 ዶላር። ከኛ ቤት 4,200 ዶላር የሚገመት ወርቅ፣ 3,000 ዶላር የዕቁብ ገንዘብ፣ 2,700 ዶላር የሚያወጣ ላፕቶፕ፣ ቴሌቪዥንና ካሜራ ሄዷል። ድምሩ 9,900 ነው። ወርቁ ወደ 1,500፣ ዕቁቡ ወደ 200 ወረደ። ዕቁብተኞቹ ሁሉ ቢመሰክሩልንም ለውጥ አያመጣም ነበር። የቀረው 4,400 ሆነ። ከሱ ላይ ዲደክተብሉ፣ ማለትም ከኛ ኪስ የሚሸፈነው 1,000 ዶላር ሲነሳ 3,400 ሆነ።

እሱም አንድ ላይ አልመጣም። ለኤሌክትሮኒክሱ የእርጅና ቅናሽ 1,200 ዶላር ይዘው መጀመሪያ የላኩት ቼክ 2,200 ነበር። የያዙትን የሰጡን አዲስ ዕቃ ገዝተን ደረሰኙን ስናሳይ ነው። ይህ የሚሆነው ግን ፖሊሲሽ በአዲስ ዕቃ ዋጋ የሚተካ ከሆነ ነው። ያገለገለ ዕቃ ዋጋ ብቻ የሚከፍል ከሆነ ቅናሹ በዚያው ይቀራል። ስለዚህ የትኛው እንደሆነ፣ መልሶ ለመግዛትም ስንት ቀን እንዳለሽ ዛሬውኑ ደውለሽ ጠይቂ። መልሱንም በጽሑፍ ይላኩልሽ።

ሀገር ቤት ብዙዎቻችን የምናውቀው ኢንሹራንስ የመኪና ሦስተኛ ወገን ነው። የእናት ወርቅ በመደበቅ ይጠበቃል እንጂ በወረቀት አይመዘገብም። እዚህ ግን ወርቅን ከቤቱ ፖሊሲ ለይቶ፣ በባለሙያ አስገምቶ፣ በስሙ ማስመዝገብ ይቻላል። በዓመት ጥቂት ጨምረሽ ትከፍያለሽ፤ የ1,500ው ጣሪያም አይነካውም። ለጠፋው አይደርስም፣ ለተረፈው ግን ይሆናል። ባለቤቴ የዚያን ዕለት ጆሮዋ ላይ ስለነበሩ የተረፉላትን ጉትቾች በሳምንቱ አስመዝና፣ ፎቶ አንስታ፣ ለብቻቸው አስመዝግባቸዋለች።