ታርጋ ያለው ሁሉ ፍሬን የለውም

«ኤፍዲኤ የተመዘገበ ፋብሪካ ውስጥ ነው የተመረተው። ከዚህ በላይ ምን ምርመራ ትፈልጋላችሁ?»

ይህን ያለው ባለፈው ሳምንት በቲክቶክ ቀጥታ ስርጭት ባዮቲን የተባለውን የጸጉር ቫይታሚን ሲቸበችብ ያመሸው ነጋዴ ነው። ቪዲዮው የኮዬ ፈጬን የቴሌግራም ግሩፖች ሁሉ ስላዳረሰ የቀረውን አልደግመውም። ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ልብ ሰጥቶታል። እኔን ግን ያች «የተመዘገበ» የምትለዋ ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ።

በአሜሪካ ሕግ ምግብም ሆነ እንደ ቫይታሚን ክኒን ያለ ሳፕሊመንት የሚያመርት ተቋም ስሙንና አድራሻውን የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ በሆነው ኤፍዲኤ ዘንድ ማስመዝገብ፣ በየሁለት ዓመቱም ማደስ ግዴታው ነው። በቃ፣ ፎርም መሙላት ነው። መሥሪያ ቤቱ ለዚህ የምስክር ወረቀት እንኳ አይሰጥም፤ ነጋዴ አርማውን ዕቃው ላይ እንዲለጥፍም አይፈቅድም። ሳፕሊመንት ደግሞ እንደ መድኃኒት ገበያ ከመውጣቱ በፊት በኤፍዲኤ አይጸድቅም። ፋብሪካው ሲመዘገብ ክኒኑን ሰብሮ ያየ ሰው የለም።

ከቱሉ ዲምቱ ወደ ቃሊቲ የሚወርደውን አይሱዙ አስቡት። ታርጋ አለው። ታርጋው መኪናው የማን እንደሆነ ይነግረናል፤ ፍሬኑ ስለመያዙ ግን ምንም አይልም። ለፍሬኑ ቦሎ አለ፤ ማለትም መኪናውን ጉድጓድ ላይ አቁሞ ከሥር ገብቶ የሚያይ፣ ባለቤቱ ያልሆነ ሰው። የእኛ ነጋዴ ታርጋውን እያወዛወዘ «ቦሎ አለኝ» ነው ያለን። ቦሎም በእጅ መንሻ ይገኛል የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለዚህ ነው መርማሪው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ከሁሉ የሚቀድመው።

በሳፕሊመንት ዓለም ለቦሎ የሚቀርበው ዩኤስፒ የተባለ ከአምራቹ ነጻ የሆነ ድርጅት የሚሰጠው «ዩኤስፒ ቬሪፋይድ» የሚለው ክብ ምልክት ነው፤ «ኤንኤስኤፍ» የሚባለውም አለ። ዩኤስፒ ሌብሉ ላይ የተጻፈው ነገር በተጻፈው መጠን ውስጡ መኖሩን ይለካል። እንደ እርሳስና ሜርኩሪ ያሉ ብረቶች ከልክ በላይ አለመግባታቸውን ያያል። ክኒኑ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ መሟሟቱንም ይፈትሻል፤ እንደ ጠጠር ገብቶ እንደ ጠጠር የሚወጣ ክኒን አለና። ምልክቱን ከሰጠ በኋላም ከሱቅ መደርደሪያ አንስቶ ዳግም ይመረምራል። ምልክቱ የሚሰጠው ለየምርቱ ስለሆነ የአንድ ብራንድ ቫይታሚን ዲ ስላለው ባዮቲኑም አለው ማለት አይደለም። ጸጉር ያበቅላል የሚልም ምስክርነት አይደለም።

«ከአሜሪካ የመጣ ነው» ለሚሉን ደግሞ አንድ ነገር ልንገራቸው። በ2023 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት እዚያው አሜሪካ የሚሸጡ ለእንቅልፍ የሚወሰዱ 25 የሜላቶኒን ማስቲካ መሰል ከረሜላዎችን መርምሮ የ22ቱ ሌብል ከይዘታቸው ጋር እንደማይገጥም አገኘ። አንዱ ውስጥ ጭራሽ ሜላቶኒን አልነበረም።

አሁን ወደ ዕቃው እንምጣ። አንዲት የብሎካችን ነዋሪ ያንኑ ዓይነት ብልቃጥ ከመዋቢያ ሱቅ ገዝታ ነበርና አብረን አነበብነው። ከፊቱ ወርቃማ ጸጉር ያላት ሴት አለች፤ ከሥሯ «10,000 ማይክሮግራም»። ከኋላ በጥቃቅን ፊደል የቀን ፍጆታው 33,333 በመቶ ይላል። ይህ የማተሚያ ቤት ስህተት አይደለም፤ ለአዋቂ የተቀመጠው የቀን መጠን 30 ማይክሮግራም ነው፣ አካፍሉት። ጸጉር ያሳድጋል ከሚለው ቃል ጎን ትንሽ ኮከብ አለች። ኮከቧን ተከትላችሁ እታች ስትወርዱ አባባሉን ኤፍዲኤ እንዳልገመገመው፣ ምርቱም በሽታ ለማከም እንዳልሆነ ራሱ አምራቹ ጽፎታል! ነጋዴው ያወራለት መሥሪያ ቤት ስም ብልቃጡ ላይ ያለው ለማስተባበያ ነው።

«ቢበዛ በሽንት ይወጣል፣ ምን ይጎዳል?» የሚለው ክርክር ሁሌም አይቀርም። እስኪወጣ ድረስ ደም ውስጥ ነው ያለው፤ ብዙ ላብራቶሪዎች ደግሞ ባዮቲንን ራሱን የምርመራው መሣሪያ አካል አድርገው ይጠቀሙበታል። ደም ውስጥ ሲትረፈረፍ ንባቡ ይዛባል። የዚህችው ጎረቤቴ የታይሮይድ ውጤት «ከልክ በላይ ይሠራል» ብሎ መጣ። ሐኪሙ ግን ብልህ ነበር፤ «ቫይታሚን ትወስጃለሽ እንዴ?» አላት። ለቀናት አቁማ ስትመለስ ውጤቱ ደህና ሆነ። ባይጠይቃትስ? ለሌላት በሽታ ክኒን ትጀምር ነበር። ኤፍዲኤ በ2017 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ሲያስጠነቅቅ ድንገተኛ የልብ ሕመምን የሚጠቁመው ትሮፖኒን የተባለ የደም ምርመራ በሐሰት ዝቅ ብሎ ስለታየበትና ስለሞተ ባዮቲን ተጠቃሚ የደረሰውን ሪፖርት ጠቅሷል።

ሐኪም ለነፍሰ ጡር ስለሚያዘው ፎሊክ አሲድ እያወራሁ አይደለም፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። የባዮቲን እጥረት ግን ብርቅ ነው፤ እንቁላልና ጉበት ውስጥም ሞልቷል።

ነጋዴያችን ዓርብ ማታ እንደገና ቀጥታ እገባለሁ ብሏል። እስቲ ካሜራውን ከሴትዮዋ ፎቶ ላይ ያንሳና ብልቃጡን በጀርባው ያዙርልን፤ ኮከቧ ድረስም ያቅርበው።