«ለ180 ብር ነው እንዲህ የምትሆነው?»

አዎ። ለ180 ብር ነው። እንዲህ ነው የምሆነው።

አብሮኝ የሚኖረው ልጅ የመብራት ድርሻውን እንዲከፍል የላኩለት መልእክት ሲገባ የት እንዳለ ልንገራችሁ? ሐይቁ ዳር። በስቶሪው ላይ የተጠበሰ ቆረሶ፣ ዳጣው ከጎን፣ ከበስተጀርባ ጣና ይብለጨለጫል። የዓሳው ሒሳብ ከመጋቢት መብራት ድርሻው እንደሚበልጥ ዓሳው ራሱ ያውቃል። ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ «ነገ ልልክልህ» ሲል ከርሞ ዛሬ «በትህትና ላስታውስህ» ብዬ ብጽፍለት የመለሰልኝ ይኸው ነው፦

«ለ180 ብር ነው እንዲህ የምትሆነው?»
«ወንድሜ፣ ወሩ ሊያልቅ ነው እኮ።»
«አልበላውም! ቴሌብር ላይ የለኝም፣ ባንክ ላይ ነው ያለኝ።»
«እሺ በባንክ ላክ።»
«አንተ ደግሞ ቆጣሪ አንባቢ ሆነህ ቀረህ።»

ሆንኩ። ቆጣሪ አንባቢውስ ደመወዝ አለው፤ እኔ ምን አለኝ?

የኪራይ ውሉ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። አከራያችን እማማ የሚያውቁት የእኔን ስልክ ብቻ ነው። ዋይፋዩ በመታወቂያዬ ነው የወጣው። መብራቱ በእማማ ስም ቢሆንም የመክፈያ ቁጥሩ ያለው እኔ ስልክ ላይ ነው። ስለዚህ ሒሳብ ሲያልፍ «ልጄ፣ ምነው?» የምባለው እኔ ነኝ፤ የዋይፋዩ ዕዳ የሚከተለውም የእኔን ስም ነው። ሌሎቹ ሦስቱ በስም የሉም፣ በመብራቱ ግን አሉ። በተለይ በዚህ ሙቀት፣ ቬንትሌተሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲሽከረከር።

እሺ ሒሳቡን እናውጣው፣ «አታበዛውም?» ለምትሉኝ። የመጋቢት መብራት 720 ብር፣ ፍጆታው 180 kWh። በአማካይ አንዱ 4 ብር ማለት ነው። ለአራት ሲካፈል 180፣ አለቀ። አይደለም! ከመካከላችን ሁለቱ በሳምንት ሁለቴ እንጀራ ይጋግራሉ፣ ሁለታችን ከጉልት እንገዛለን። ምጣድ ደግሞ 3.5 ኪሎ ዋት አካባቢ ይስባል፤ ከሙቀቱ እስከ መጨረሻው እንጀራ ሁለት ሰዓት ከሄደ 7 kWh ነው። በወር ስምንት ጊዜ ሲጋገር 56። ማለትም 224 ብር ከምጣድ ላይ ይወጣል። ቀሪው 496 ለአራት ሲካፈል 124፤ ጋጋሪዎቹ የምጣዱን ግማሽ 112 ይጨምሩበትና 236፣ የማንጋግረው 124።

ምጣዱ ስንት እንደበላ መገመት አያስፈልግም። ምጣዱ ከመሰካቱ በፊት የቆጣሪውን ስክሪን አየት ማድረግ ነው። የዲጂታሉ ቁጥሮች ይፈራረቃሉ፣ ከጎኑ kWh የሚለው እስኪመጣ መታገሥ ነው። ፎቶ፣ ከዚያ መጋገር፣ ከዚያ ደግሞ ፎቶ፣ ከዚያ መቀነስ። ማቀዝቀዣው በመሐል ትንሽ ይጨምራል፣ ያ አያጣላም። የሚያጣላው ጋግረው ሲጨርሱ ማብሪያው ሳይዘጋ የቀረ ጊዜ ነው፤ ፎቶው ላይ ግን ይታያል። ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ kWh ዋጋም ደረጃ በደረጃ ስለሚወጣ፣ አማካዩ ለጋጋሪዎች ያደላል እንጂ አይበድላቸውም። ይህን ስነግራቸው አንደኛው «ሒሳብ ትምህርት ቤት ነው እንዴ?» አለኝ። አዎ፣ አንተ የቀረህበት ክፍል።

አሁን ተመልከቱ፦ ፍትሐዊው አከፋፈልና እኩል አከፋፈል ልዩነታቸው በሰው 56 ብር ነው። ሁለት ሳምንት የተጨቃጨቅነው ለ56 ብር ነው! ይህንን ትቼዋለሁ፤ የምጣዱን ድርሻ እኔ ዋጥኩት፣ 180 ብለን ቆረጥን። ያቃጠለኝ ሌላ ነው። 720ውን በ5 ከኪሴ ከፈልኩ፤ የመጨረሻው ሰው በ28 ይልካል፤ አሁን ደግሞ አይልክም። ከዋይፋዩ 800 እና ከውሃው 240 ጋር 1,760 ብር በየወሩ አወጣለሁ፣ ከዚህ የራሴ 440 ብቻ ነው። 1,320 ብር ያለ ወለድ አበድሬ፣ ስጠይቅ ተሰዳቢ ነኝ።

ልብ በሉ፣ ይኸው ልጅ እቁብ ላይ አንድ ቀን ዘግይቶ አያውቅም! እሁድ ጠዋት ፔዳ ማዶ ሄዶ ይጥላል። እቁብ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዋስ አለው፤ ሳይጥሉ መውሰድ የለም። እኛ ቤት ግን መጀመሪያ ይበራል፣ ኋላ ይታሰባል። ችግሩ የልጁ ፀባይ ብቻ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ነው።

ስለዚህ ከግንቦት ጀምሮ፣ ወደዱም ጠሉም፣ ገንዘቡ አስቀድሞ ይገባል። ወሩ በባተ በአንድ 440 ብር ከእያንዳንዱ። የመብራቱ ደረሰኝ ሲመጣ ከዚያው ይከፈላል፤ ፎቶው ግሩፑ ላይ ይለጠፋል፤ የቀረም የጎደለም ለሚቀጥለው ወር ይዞራል። ከሙሉ 440 በታች የላከ ከፍሏል አይባልም፤ የገባው ብር መጀመሪያ የድሮ ዕዳውን ይዘጋል፣ ከዚያ ለአዲሱ ይደርሳል። ይህ ካልሆነ «መቶ ላኩልህ እኮ» እያለ አንድ ሰው ዓመት ይኖራል። ስትልኩም ምክንያት ከሚለው ቦታ ላይ «የግንቦት» ብላችሁ ጻፉ፤ ሦስት ሰው 180 ሲልክ የማን እንደሆነ የቴሌብር መልእክት ሲያገላብጥ ያደረ ሰው ያውቀዋል።

«ለሁለት ሳምንት ገጠር ነበርኩ» ለሚለውም፦ ዋይፋይ ወርሃዊ ነው፤ አንተ ብትኖርም ባትኖርም 800 ነው፣ ሙሉ ድርሻህን ትከፍላለህ። መብራትና ውሃ ላይ ከ15 ቀን በላይ ከቀረህ ግማሽ፣ ምክንያቱም ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው ዓሳህ አልሄደም። የትም ደርሰህ ብትመጣም ዓሳህ እዚህ ነው። አዲስ ሰው ሲገባ ደግሞ በገባበት ቀን ቆጣሪው ይነበባል። አምና ይህን ስላላደረግን አንዱ የወጣበትን ወር ዕዳ የገባው ልጅ «የእኔ አይደለም» አለ፣ የወጣው ስልኩን ዘጋ፣ ማን ከፈለ መሰላችሁ?

ማስፈራሪያ ግን አንድ አለ፤ መብራት ለአንድ ሰው ብቻ አይጠፋም፣ ውሃም አይቆረጥም፣ ዋይፋይ ግን ይቆረጣል። ራውተሩ ገጽ ላይ ገብቶ ፓስወርድ መቀየርና ለከፈሉት ብቻ መስጠት ሁለት ደቂቃ አይወስድም። ባለፈው ጥር አንዴ ሞከርኩት፤ «ነገ ልልክልህ» ያለው ሰው በአራት ደቂቃ ውስጥ ላከ። ባንኩም ቴሌብሩም በአንዴ ተገናኙ።

ይህን ስጽፍ ስልኬ ጮኸ። ከዓሳ በሊታው ነው።

100 ብር።

«ቀሪውን ነገ» ይላል።