ቡናው እስኪተነፍስ ጠብቁት

ጀበና ላይ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው እሳቱ ነው። ቡናውና ውሃው አብረው ይፈላሉ፣ አተላው ይዘቅጣል፣ ይቀዳል። ውጭ አገር ሰዎች በፖር ኦቨር፣ ማለትም ማጣሪያ ወረቀት ውስጥ ባለ ቡና ላይ ሙቅ ውሃ እያፈሰሱ ሲያዘጋጁ ግን ውሃው በቡናው መሀል የሚያልፈው አንዴ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁሉም ነገር አፈሳሰሱ ላይ ይወድቃል። ያ አንገተ ቀጭን ማንቆርቆሪያም ለጌጥ አይደለም። ውሃው በቀጭኑና በዝግታ እንዲወርድ ነው። ሰፊ አፍ ያለው ዱብ ያደርገውና ቡናውን ይቆፍረዋል።

ማጣሪያ ወረቀቱን እ.ኤ.አ. በ1908 ድሬስደን ላይ ያመጣችው ሜሊታ ቤንትዝ ናት። አተላ ሰልችቷት በልጇ ደብተር መምጠጫ ወረቀት ሞከረች ይባላል። ወረቀቱን መጀመሪያ በሙቅ ውሃ አጥቡት፤ የወረቀት ጣዕሙ ይሄዳል፣ ወረቀቱ የተቀመጠበት ዕቃም ይሞቃል። ያጠባችሁበትን ውሃ መድፋት እንዳይረሳ።

ለአንድ ሰው 15 ግራም ቡናና 240 ግራም ውሃ ይበቃል። አፈጫጩ ላይ ነው የአገር ቤት ልማድ ጣጣ የሚያመጣው። ለጀበና የላመ ዱቄት ወረቀቱን ይደፍነዋል። እዚህ እንደ ሻካራ ጨው ያለ ነው የሚፈለገው።

ውሃው ከፈላ በኋላ ትንሽ በረድ ይበል፤ 93 ዲግሪ አካባቢ ጥሩ ነው። መጀመሪያ 40 ግራም ያህል ብቻ አፍስሳችሁ ቡናውን በሙሉ አርጥቡትና ከ30 እስከ 45 ሰከንድ ተዉት። ያብጣል፣ አረፋ ያወጣል። ብሉም የሚሉት ይሄን ነው። ሲቆላ ውስጡ የታፈነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወጣ ነው። ጋዙ ካልወጣ ውሃውን ይገፋዋል፣ ጣዕሙም በደንብ አይወጣም።

እኔን የገረመኝ እዚህ ጋ ነው። እኛ ቡና ተቆልቶ ወዲያው ካልተፈላ ደስ አይለንም። ለጀበና ልክ ነን፤ መፍላቱ ጋዙን ያባርረዋል። ለፖር ኦቨር ግን ዛሬ የተቆላ ቡና ጋዙ ስለሚበዛ ያስቸግራል፤ ጥቂት ቀን ቢያድር ይሻላል። በተቃራኒው ጭራሽ የማያብጥ ቡና ቆይቶበታል ማለት ነው።

ቀሪውን 200 ግራም አራት ቦታ ከፍላችሁ፣ በየመሀሉ ውሃው ዝቅ ሲል አፍስሱ። ከመሀል ጀምራችሁ በዝግታ እያዞራችሁ ወደ ዳር ውጡ፣ ተመለሱ። ወረቀቱን ራሱን አትንኩት፤ በግድግዳው የሚወርድ ውሃ ቡናውን ሳያገኝ ስኒው ውስጥ ይገባል።

ከመጀመሪያው ጠብታ እስከ መጨረሻው 3 ደቂቃ አካባቢ ነው። ሲያልቅ አተላውን እዩት። ደልዳላ ከሆነ ጥሩ አፍስሳችኋል። መሀሉ ከጎደጎደ ውሃው አንድ ቦታ በዝቷል። ቶሎ ወርዶ ቀጠን፣ ኮምጠጥ ካለ በቀጣዩ አድቅቃችሁ ፍጩ። ዘግይቶ ከመረረ አፈጫጩን ሻከር አድርጉት። ውሃውንና ግራሙን ግን ለጊዜው አትንኩ፤ ሁሉንም አንዴ ከቀየራችሁ የቱ እንዳስተካከለው አታውቁም።