ዋሽንቱ ይቅደም

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ቁጭ ብዬ አንድ የሬዲዮ ማስታወቂያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰማሁ። መንገዱ ተዘጋግቷል፣ ሌላ ምን አደርጋለሁ? ዋሽንት ነበረው። ወፍ ነበረው። "ጊዜው የእርስዎ ነው!" የሚል ወፍራም ድምፅ ነበረው። ሲያልቅ አጠገቤ የተቀመጡትን እናት "ምንድን ነው የሚሸጡት?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "ባንክ መሰለኝ የኔ ልጅ" አሉ። ከኋላ ያለው ጎረምሳ "ኧረ ቀለም ነው" አለ። ረዳቱ ደግሞ "ሒሳብ!" አለ። እሱ ብቻ ነው ምን እንደሚፈልግ የገባን።

ለእንዲህ ዓይነቱ ማስታወቂያ ያለኝን አክብሮት ዛሬ ልግለጽ። ጨዋነቱ ነው የሚማርከኝ። ጨዋ እንግዳ ቤት እንደገባ ጉዳዩን አይናገርም። ስለ ጤና ይጠይቃል፣ ስለ ልጆች ይጠይቃል፣ ስለ ዝናቡ ያወራል፣ ቡናው ሦስተኛ ሲደርስ "ለነገሩ የመጣሁት..." ይላል። የእኛም ማስታወቂያ እንዲሁ ነው። ልዩነቱ እንግዳው በደቂቃ አለመክፈሉ ነው።

እኔም ስክሪፕት እየጻፍኩ ነው የምኖረው፤ ስለዚህ የማወራው የቤቴን ጉድ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ሰውዬ ዘንድ ተጠራሁ። ጋሼ ልበላቸው። ሥራቸው የኤሌክትሪክ ምጣድ መጠገን ነው። ሁለት ቴክኒሻን፣ አንድ ሞተር ሳይክል፣ አንድ ክፍል ቢሮ፣ ስልክ የምታነሳ ልጃቸው። ማስታወቂያቸው ለአንድ ወር በሬዲዮ ተለቋል፤ ሥራ ግን አላመጣም። "ምን ልሥራልዎ?" ስላቸው "ዋሽንቱ ጎላ ይበል" አሉኝ።

ስክሪፕቱን ሰጡኝ። እንዲህ ያለ ጥበብ ተቀብሮ መቅረት ስለሌለበት ሙሉ በሙሉ እተርካለሁ።

የ60 ሰከንድ ስፖት ነው። የመጀመሪያዎቹ 12 ሰከንዶች ዋሽንትና ወፍ ናቸው። በሒሳብ ስናየው ከከፈሉት አምስት ብር አንዱ ለወፏ ሄዷል ማለት ነው። ከዚያ ወፍራሙ ድምፅ ይመጣል፦ "ዓለም በቴክኖሎጂ እየተራቀቀች ባለችበት በዚህ ዘመን..." ቀጥሎ ሁለት ሴቶች መንገድ ላይ ይገናኛሉ። "እንዴ! ዛሬ ደግሞ ምን አምሮብሻል!" ትላለች አንዷ። "አልሰማሽም እንዴ?" ትላለች ሌላዋ። "ምኑን?" "ታዲያ የት ነው የምትኖሪው?" "ኧረ እባክሽ ንገሪኝ፣ ልቤን አታንጠልጥይው!" እዚህ ላይ ይሳሳቃሉ። የሚሳሳቁበት ምክንያት ስክሪፕቱ ውስጥ የለም፤ በቅንፍ "ይሳሳቃሉ" ብቻ ይላል። 29ኛው ሰከንድ ላይ ደርሰናል። ምጣድ የሚል ቃል እስካሁን አልተነሳም።

አሁን ዋናው መልእክት ይመጣል፦ "ድርጅታችን በዘርፉ የካበተ ልምድ ባላቸው ባለሙያዎች በመታገዝ፣ ዘመኑ ያፈራቸውን የቴክኖሎጂ ውጤቶች በመጠቀም፣ የደንበኞቹን ፍላጎት ማዕከል ባደረገ መልኩ፣ ጥራትን ከተመጣጣኝ ዋጋ ጋር በማጣመር፣ የምጣድና ተዛማጅ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችን ዘርፈ ብዙ አገልግሎት..." አማርኛችን ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ይሸጣሉ? ይጠግናሉ? ያከራያሉ? ይህን የሚነግረን የመጨረሻው ቃል ነው። ታክሲ ውስጥ ያለ ሰው ግሱ ጋ ሳይደርስ "ወራጅ አለ!" ይላል። ይወርዳል። ጋሼ ምጣድ ምን እንደሚያደርጉ ሳያውቅ ይኖራል።

መጨረሻ ላይ 8 ሰከንድ ቀርቷል። በዚያች ውስጥ ሁለት የሞባይል ቁጥር፣ አንድ የመስመር ስልክ፣ የሕንጻው ስም፣ ፎቁ፣ የቢሮ ቁጥሩ፣ "ከጥርስ ክሊኒኩ ጎን" እና የቴሌግራም አድራሻ ይነበባሉ። አንባቢው እንደ ጨረታ ነው የሚያወርደው። ትንፋሹን አደንቃለሁ።

ይህ ሁሉ አልሠራም ሲባል ታዲያ ምን ይደረጋል? እዚህ ላይ ነው ሙያችን የሚያበራው። ስክሪፕቱን ማንበብ ነውር ነው። የሚደረገው ሙዚቃውን መጨመር፣ ታዋቂ ድምፅ መቅጠር ወይም በቀን ሦስቴ የሚለቀቀውን ስድስቴ ማድረግ ነው። ያልገባው ሰው ስድስቴ እንዳይገባው ማለት ነው።

ደግሞ አንድ ጊዜ ልቆጣ። ጋሼ "ስልክ አይደወልም እኮ" ብለው ማስታወቂያውን ላሠራላቸው ሰው ሲነግሩት "ብራንድ እየገነባን ነው" ብሏቸዋል። ሁለተኛ ወር እንዲገዙም መክሯቸዋል። ሁለት ቴክኒሻን ላለው፣ የቢሮ ኪራይ ለሚጨንቀው ሽማግሌ! ገንዘቡ የአንድ ዓመት ቁጠባቸው ነበር። ይሄ አለማወቅ አይደለም። የማይደወል ስልክን በፈረንጅ ቃል ሸፍኖ ኮሚሽን መብላት ነው፣ አፍ አውጥቶ መናገር ያስፈልጋል።

ወደ ጨዋነቴ ልመለስ። ስክሪፕቱን ይዤ ልጅቷ ጋ ሄድኩ። የማስታወቂያ ሐኪም ስልክ የሚያነሳው ሰው ነው፤ የደወለ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ስክሪፕቱ ውስጥ የጎደለው ነገር ነውና። ልጅቷ ደግሞ ጎበዝ ናት፣ ደብተር ይዛለች። በወሩ ውስጥ ማስታወቂያውን ሰምተው የደወሉ 14 ሰዎች ናቸው። ስድስቱ "ምጣድ ትሸጣላችሁ?" ብለዋል። አራቱ "ምንድን ነው በትክክል የምትሠሩት፣ ስንት ነው?" ብለዋል። ሦስቱ ጥርስ ሊነቅሉ ፈልገው ነው። አንዱ የዋሽንቱን ተጫዋች ስም ጠየቀ።

በሽታው ከዚሁ ይነበባል። በወር 14 ብቻ መደወሉ መክፈቻው ጆሮ እንዳልያዘ ያሳያል፤ ምጣዱ የተበላሸበት ሰው "ይሄ ለእኔ ነው" አላለም። የደወሉት ምን እንደሚሠሩና ዋጋውን መጠየቃቸው የሚሰጠው ነገር እንዳልተነገረ ያሳያል። የጥርስ ታካሚዎቹ ደግሞ አድራሻው ራሱን በራሱ እንደቀበረ ምስክር ናቸው።

ሦስቱን በአንዴ መቀየር ይቻል ነበር። ግን የትኛው እንደሠራ ማወቅ አይቻልም፤ ስለዚህ ጋሼን "አንድ በአንድ" አልኳቸው። መጀመሪያ ዋሽንቱን፣ ወፏንና ሁለቱን ሴቶች አሰናበትኩ። ሴቶቹን ሳሰናብት ትንሽ አዘንኩ፣ ወሬያቸው የት እንደሚደርስ ሳላውቅ ቀረሁ። በቦታቸው ቴክኒሻኑ ደንበኞች ሲያማርሩ የሚሰማትን ዓረፍተ ነገር እንዳለ አስገባሁ፦ "ምጣድዎ በአንድ በኩል ያሳርራል፣ በሌላው በኩል ሊጥ ነው?" ግሷ ሩቅ አይደለችም። ሌላው እንዳለ ቀረ። በሁለት ሳምንት 31 ሰው ደወለ። ስድስቱ ብቻ አሠሩ። ሌሎቹ "ስንት ነው? ቤት ድረስ ትመጣላችሁ?" ብለው ዘጉ።

ቀጥሎ የካበተውን ልምድና ተመጣጣኙን ዋጋ አወጣሁ። "ተመጣጣኝ" ከምን ጋር እንደሚመጣጠን ሰምቼ አላውቅም። የገባው ይህ ነው፦ "ቤትዎ መጥተን ሽቦውን እንቀይራለን። 1,500 ብር ነው። አንድ እንጀራ ጋግረን ሳናሳይዎ አይክፈሉ።" የእንጀራው ነገር የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ ጋሼ ድሮም እንደዚያው ያደርጉ ነበር፣ ማስታወቂያው ላይ መናገር ግን "ዋጋ ያረክሳል" ብለው ፈርተው ነው። በዚህኛው ሁለት ሳምንት የደወለው ቀነሰ፣ 27 ሆነ። ጋሼ ደነገጡ። ደብተሩን ገልጬ አሳየኋቸው፤ ከ27ቱ 19ኙ አሠርተዋል። ዋጋው የማይሆነው ሰው ስልክ ሳያነሳ ቀርቷል፣ ልጅቷም አርፋለች።

የመጨረሻው ስልኩ ነበር። የሚያሽከረክር ሰው እስክሪብቶ የለውም። የምታጥብ ሴት እጇ እርጥብ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ቁጥር፣ ፎቁንና ክሊኒኩን ጣልኩ። ቤት ድረስ የሚሄድ ሰው ቢሮው ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ ለማን ነው የሚነግረው? አንድ ቁጥር ቀረ። ጥንድ ጥንድ ተደርጎ፣ ቀስ ተብሎ፣ ከዋጋው በኋላ አንዴ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ አንዴ ይነበባል። ከእሱ በኋላ ምንም የለም፣ "ደንበኛ ንጉሥ ነው" እንኳ። ስፖቱ 60 የነበረው 30 ሰከንድ ሆነ። ልኬቱም ቀላል ነው፦ ሰዓት ይዤ ጮክ ብዬ አነበብኩት። በዓይን ሲነበብ አጭር የሚመስል አማርኛ በአፍ ሲመጣ ይረዝማል። በዚያው ዋጋ ሁለቴ ይለቀቅ ጀመር።

ቁጥሮቼን ግን ብዙ አትመኗቸው። የመጨረሻው ሁለት ሳምንት ፋሲካ ዋዜማ ላይ ወደቀ፤ በዓል ሲመጣ የምጣድ ስልክ ያለ ማስታወቂያም ይጮኻል፣ ስለዚህ ያንን ከደብተሩ ሳልቆጥር ዘለልኩት። ሌላም አለ። ሁለት ቴክኒሻን በቀን የሚደርሱበት ቤት የተወሰነ ነው። ሰው ደውሎ "ከነገ ወዲያ" ሲባል ሌላ ጠጋኝ ይፈልጋል፤ ይህን ስክሪፕት አያክመውም። ጋሼ ሦስተኛ ቀጠሩ።

ትናንት ደወሉልኝ። ድምፃቸው ደስ ብሎታል። "ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ፣ አሁን ትንሽ አቅም አገኘን" አሉ።

"ደስ ይላል ጋሼ።"

"ስለዚህ አሁን እውነተኛ ማስታወቂያ እናሠራ። ይሄኛው ምን ማስታወቂያ ነው፣ እንደ ገበያ ጥሪ። ጎረቤት አፈረብኝ።" ትንሽ ዝም አሉና ጨመሩ፦ "ያ ዋሽንት ነፊ አለ አይደል? ቁጥሩን አግኝቼዋለሁ።"