«ኮምቦልቻ ሰኞ ይጀምሩ» ብሎ ማለፍ ለምን አይበቃም?

«አዲሷ ሒሳብ ሠራተኛ ሰኞ ትጀምራለች፤ የምትኖረው ደሴ፣ መሥሪያ ቤታችን ኮምቦልቻ ነው። አስቀድሜ በምልክላት ኢሜይል ላይ ምን ልጻፍ?»

ምስጋናውን በአንድ መስመር ይጨርሱትና ወደ ሰዓቱ ይግቡ። ብዙ ጊዜ ነገር የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው። «ሰኞ 8፡00 ላይ ይገኙ» ብለው ቢጽፉ፣ የኮምፒውተርዎ ሰዓት ጠዋት ማለቱ ነው፤ እሷ ግን ከምሳ በኋላ ብላ ብትመጣ አይፈረድባትም። ቀኑም እንደዚያው ነው። ስልኳ በፈረንጆቹ ስለሚቆጥር ሁለቱንም ይስጧት፦

«ሰኞ ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ኦክቶበር 20 ቀን 2025)፣ ከጠዋቱ 2፡30 ላይ ዋናው በር ይገኙ።»

ሌላው ሠራተኛ 2፡00 ሲገባ ለእሷ 2፡30 ማለት ብልህነት ነው። የሚቀበላት ሰው ቦርሳውን እንኳ ሳያስቀምጥ በር ላይ አታቆሙትም። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ ሐረጎ ላይ ጭጋግ የወረደ ለት ሚኒባሱ እንደ ልቡ አይሮጥም። የሠራተኛ ሰርቪስ ካላችሁ የት ቆሞ፣ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ይጻፉ፤ «ፒያሳ አካባቢ» አይበቃም፣ ከየትኛው ሕንፃ ፊት ለፊት እንደሆነ ይንገሯት። ደሴ ብርድ ነው ብላ የደረበችው ካፖርት ኮምቦልቻ ስትወርድ ሸክም እንደሚሆንባት ግን እሷም አታጣውም።

የምታመጣቸውን ወረቀቶች ከነምክንያታቸው ይጥቀሱ። ሌላ ቦታ ሠርታ ከነበረ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሯንና የጡረታ መለያ ቁጥሯን ታምጣ፤ እንደ አዲስ ከተመዘገበች የቀድሞ አገልግሎቷ ከአዲሱ ጋር ሳይገናኝ ይቀራል፣ ኋላ ማስተካከሉ ደጅ መጥናት ነው። የባንክ ሒሳብ ቁጥሯ ለደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩ ነው። ከቀድሞ መሥሪያ ቤቷ ክሊራንስ ገና ካልወጣላት፣ ሳትይዝ መምጣት ትችል እንደሆነና እስከ መቼ እንደምትታገሷት አስቀድማ ትወቅ። አለዚያ ለአንድ ወረቀት ስትል ሰኞን ትቀራለች።

«ለማንኛውም ጥያቄ የሰው ሀብት ክፍሉን ያነጋግሩ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ይሰርዙት። እሁድ ማታ የክፍሉን ስልክ የሚያነሳ የለም። በምትኩ ሁለት ሰው ከነሞባይል ቁጥራቸው ይስጧት፦ አንዱ ለወረቀትና ለደመወዝ፣ ሌላው የቅርብ አለቃዋ ለሥራው። ሰኞ ጠዋት ከሁለቱ አንዱ ፈቃድ ላይ ከሆነ ተተኪውም ይጻፍ። የጥበቃ ሠራተኞቹ ስሟን እሁድ ካልያዙ «ማንን ፈልገሽ ነው?» መባሏ አይቀርም፤ ስለዚህ በር ላይ የማንን ስም እንደምትጠራም ይንገሯት።

ሐሙስ ይላኩት፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሚነሳ ጥያቄ መላሽ ያገኛል። ማኅተም ያረፈበትን ደብዳቤ ስካን አድርጎ ማያያዝ የቢሮዎቻችን አመል ነው፤ ስልክ ላይ ለመክፈት አስቸጋሪ ስለሆነ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ሁለቱን ስልኮች ኢሜይሉ ላይ ራሱ ይጻፉ፤ እነዚሁኑ በአጭር መልእክትም ይላኩላት። «ደርሶኛል» የሚል መልስ እስከ ዓርብ ካልመጣ ይደውሉላት።